የጥር 2017 የውሃ ሂሳብ፦ ለግቢያችን 5 ቤቶች

ሰላም ጎረቤቶች፣ እንደምን ከረማችሁ። የጥር ቢል ደርሷል፤ 2,195 ብር ነው። ታህሳስ 1,715 ስለነበር ብዙዎቻችሁ እንደምትደነግጡ አውቃለሁ። እኔም ደንግጬ ሁለት ጊዜ ደመርኩት። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን ምክንያት አለው፣ አንዱንም ምክንያት አግኝተነዋል። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ንባቡን የወሰድኩት ጥር 28 ጠዋት ነው፤ የቤት 4 ልጅ መብራት ይዞልኝ ሁሉንም ቆጣሪ ፎቶ አንስቻለሁ። ያለፈው ንባብ ታህሳስ 28 ስለነበር ልክ 30 ቀን ነው። ዋናው ቆጣሪ ከ1,862 ወደ 1,930 ሄዷል፣ ማለትም 68 ኪዩብ። ቢሉ ላይ ያለው ቁጥርም ይኸው ነው፤ በግምት የተሞላ አይደለም።

የየቤቱ ቆጣሪ ደግሞ እንዲህ ይላል፦

ቤት 1፦ ከ312 ወደ 323፣ 11 ኪዩብ
ቤት 2፦ ከ205 ወደ 209፣ 4 ኪዩብ
ቤት 3፦ ከ418 ወደ 436፣ 18 ኪዩብ
ቤት 4፦ ከ277 ወደ 286፣ 9 ኪዩብ
ቤት 5፦ ከ140 ወደ 157፣ 17 ኪዩብ

ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ጥቁሮቹን ቁጥሮች ብቻ አንብቡ። ቀዮቹ ሊትር ናቸው፤ እነሱን አብሮ ያነበበ ሰው ሶስት መቶውን ሶስት መቶ ሺህ አድርጎ ይደነግጣል። አንድ ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን።

የቤቶቹ ድምር 59 ነው። ዋናው ግን 68 አለ። 9 ኪዩብ፣ ማለትም 450 ጀሪካን ውሃ፣ ማንም ሳይጠቀምበት ሄዷል። ይህ እንቅልፍ ስለነሳኝ ጥር 28 ሌሊት ሮቶው ሞልቶ ሁሉም ከተኛ በኋላ ዋናውን ቆጣሪ አነበብኩት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የየቤቱ ቆጣሪዎች ቀጥ ብለው ሲያድሩ ዋናው 62 ሊትር ቆጠረ። ይህ በቀን ወደ 300 ሊትር ይመጣል፣ በ30 ቀን 9 ኪዩብ። ልክ የጠፋውን ያህል። ጠዋት ሮቶው ላይ ስንወጣ ተንሳፋፊው አልዘጋ ብሏል፤ ትርፉ ውሃ በማፍሰሻው ቧንቧ አድርጎ ሽንት ቤቱ ኋላ ካለው ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ለዚህ ነው ማንም ያላየው። ተንሳፋፊው ተቀይሯል፣ 650 ብር ከግቢው ተቀማጭ ወጥቷል፣ ደረሰኙ እኔ ጋ አለ። በማግስቱ ሌሊት ደግሜ አየሁት፤ ዋናው ቆጣሪ አልተንቀሳቀሰም።

አሁን ወደ ብሩ። ቢሉ ላይ ያለው የእርከን ታሪፍ ለወሩ የመጀመሪያ 5 ኪዩብ በ10 ብር፣ ከዚያ እስከ 15 ድረስ በ18፣ እስከ 30 ድረስ በ28፣ ከ30 በላይ ያለው በ40 ብር ነው። የቆጣሪ ኪራይ 25 ብር ይጨመራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 68 ኪዩብ ተጠቀምን ማለት 68ቱም በ40 ብር ይባዛል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ኪዩብ በገባበት እርከን ዋጋ ነው የሚታሰበው፦

5 × 10 = 50
10 × 18 = 180
15 × 28 = 420
38 × 40 = 1,520
ከኪራዩ ጋር 2,195

38ቱን ኪዩብ ተመልከቱልኝ። ከግማሽ በላዩ ውሃችን በውዱ ዋጋ ነው የተከፈለበት። ከመካከላችን ግን ብቻውን ወደ 30 ኪዩብ የተጠጋ ቤት እንኳ የለም! ቆጣሪው አምስት ቤት መሆናችንን አያውቅም። እንደ አንድ ትልቅ አባካኝ ቤት ነው የሚቆጥረን፤ ርካሹንም 5 ኪዩብ ለአምስታችን አንዴ ብቻ ይሰጠናል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ለዚህ ነው ጥቅምት ላይ ስንሰበሰብ እኩል መካፈሉን የተውነው። እኩል ቢሆን እያንዳንዱ ቤት 439 ብር ይከፍላል፣ 4 ኪዩብ የተጠቀመችው የቤት 2 እህታችንም ጭምር። በተስማማነው መሠረት መጀመሪያ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው የሚከፍለውን በእርከኑ አሰላሁ። ለምሳሌ ቤት 3 18 ኪዩብ ነው፤ 50 ሲደመር 180 ሲደመር 84፣ 314 ብር ይሆናል። አምስታችሁም ስትደመሩ 920 ብር ነው። ከዚያ የፈሰሰውን 9 ኪዩብ በ40 ብር አስቤ 360 ብሩን፣ ከ25 ብሩ ኪራይ ጋር፣ እኩል አካፈልኩ፤ ለአንድ ቤት 77 ብር። የቀረው 890 ብር በጋራ ቆጣሪ ምክንያት የመጣው ጭማሪ ነው፤ እሱን በተጠቀማችሁት ኪዩብ ልክ አከፋፈልኩ፣ ለአንድ ኪዩብ 15 ብር ከ8 ሳንቲም ገደማ።

ቤት 1፦ 158 + 165.93 + 77 = 400.93 ብር
ቤት 2፦ 40 + 60.34 + 77 = 177.34 ብር
ቤት 3፦ 314 + 271.53 + 77 = 662.53 ብር
ቤት 4፦ 122 + 135.76 + 77 = 334.76 ብር
ቤት 5፦ 286 + 256.44 + 77 = 619.44 ብር
ድምር 2,195 ብር

ቤት 5 ለጥምቀት እንግዶች ስለነበሯችሁ ነው ከታህሳሱ 12 ወደ 17 የወጣችሁት፤ የካቲት ላይ ይወርዳል ብዬ አስባለሁ።

ስለ ቤት 3 ግን አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም "እነሱ ናቸው ውሃውን የሚጨርሱት" ሲባል ሰምቻለሁ። ቤት 3 ሰባት ሰው ነው፣ እማማና ህፃኑን ጨምሮ። 18 ኪዩብ ለሰባት ሰው በቀን ለአንድ ሰው 86 ሊትር ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው መሠረታዊ ፍላጎት በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል ይላል፤ ስለዚህ ማንም እያባከነ አይደለም። እንዲያውም ብቻዋን የምትኖረው የቤት 2 እህታችን በቀን 133 ሊትር ትጠቀማለች፣ በትንሹ እርከን ውስጥ ሆና። እሷም ምንም አላጠፋችም። ታሪፉ ኪዩብ እንጂ ሰው አይቆጥርም፣ ቤተሰብ ሲበዛ ውሃው በነፍስ ወከፍ ይወደዳል። እባካችሁ እማማን ቀና ብላችሁ ሰላም በሏቸው፤ ሰሞኑን ልብስ ለማጠብ ሲሳቀቁ አይቻለሁ።

ዘላቂው መፍትሄ የየራስ ቆጣሪ ነው። አምስታችንም በስማችን ቆጣሪ ቢኖረን የጥር ሂሳብ 920 ሲደመር አምስት ኪራይ፣ 1,045 ብር ይሆን ነበር። ፍሳሹን ብንተወው እንኳ በአንድ ወር የ790 ብር ልዩነት አለው። ማመልከቻው የአከራያችንን ፊርማ ስለሚፈልግ ቅዳሜ ጠዋት ላናግራቸው ነው። ከእናንተ አንድ ሁለት ሰው አብሮኝ ቢሄድ ደስ ይለኛል፣ ብዙ ሆነን ስንጠይቅ ሌላ ነው። ይህን ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ።

ክፍያውን እስከ የካቲት 8 በቴሌብር ላኩልኝ፣ ወይም ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ቤት 4 በር ላይ በእጅ ስጡኝ። ይህ ወር የከበደው ሰው ካለ ለብቻ ይንገረኝ፤ ከተቀማጩ 400 ብር ድረስ ሸፍነን በመጋቢት ይመለሳል፣ ስሙም ለማንም አይወራም። ቢሉን የካቲት 10 ከፍዬ ደረሰኙን በሩ ላይ እለጥፋለሁ።

ቁጥሬ ከቆጣሪያችሁ ጋር አልገጥም ያለው ካለ ከመክፈሉ በፊት ይጥራኝ፣ አብረን እናያለን። ቀጣዩ ንባብ የካቲት 28 ጠዋት ነው።

ከቤት 4