ለሂሳብ ሠራተኛነት ማመልከቻ፦ እንደገና የተጻፈው

ሰሊዬ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ እንደገና ጻፍኩት። «ከእኔ የተሻለ የሂሳብ ሠራተኛ አታገኙም» የሚለውን አውጥቼዋለሁ። የሚያኮራ ሥራ አለሽ እኮ፤ በእሱ ቦታ ሥራሽን አስገባሁ። ያልሠራሽውን አልጨመርኩም።

ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለሂሳብ ሠራተኛነት ስለማመልከት

ባወጣችሁት የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ መሠረት ለመወዳደር አመለክታለሁ። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ላለፉት 4 ዓመታት በአንድ የግንባታ ዕቃዎች አስመጪ ድርጅት ውስጥ እየሠራሁ ነው።

ፔሮሉንና የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያውን በየወሩ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሥራውን ስረከብ የባንክ ማስታረቂያው ለ7 ወራት አልተሠራም ነበር። ከገንዘብ ያዥዋ ጋር ሆነን ደረሰኞቹን ከባንክ መግለጫው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርን። በ2 ወር ውስጥ ጨረስነው። ከዚያ ወዲህ ማስታረቂያው በየወሩ በጊዜው ይሠራል። ያለ እሷ እገዛ እንዲህ ቶሎ አያልቅም ነበር።

በፒችትሪ በደንብ እሠራለሁ። ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን በሥልጠና ተምሬያለሁ፤ በእነሱ መሠረት የዓመት መዝጊያ ሪፖርት ለብቻዬ አዘጋጅቼ ግን አላውቅም። ልምድ ካላቸው ባልደረቦች ጋር ብሠራ ቶሎ እንደምይዘው አምናለሁ።

የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎቼን አያይዣለሁ። ለፈተናም ሆነ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩኝ እቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ሰላማዊት