«አብሽሪ» — የትዕግስትና የያሬድ የመልስ ምሽት ቪዲዮ ስክሪፕት

የሚታየው ሰኞ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ ደሴ ሆጤ፣ በሙሽሪት እናት ግቢ በተጣለው ድንኳን ውስጥ፣ እራት ተነሥቶ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ነው። ርዝመቱ 7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ፎቶ 31፣ የቴሌግራም ድምፅ 3፣ ቤት ድረስ ሄደን የቀዳነው ንግግር 4፣ ካሴት 1። ተራኪዋ የሙሽሪት ታናሽ እህት ሄለን ናት።

ለአቀናባሪው

ሰው ሲናገር ሄለን አትገባም። የእሷ ድርሻ አንዱን ድምፅ ከሌላው ማገናኘት ብቻ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ አልተጻፈላትም። አንድ ፎቶ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ይቆይ፤ ፊት የበዛበት የቡድን ፎቶ 8 ይሰጠው፤ ሰው ራሱን ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል። ማቅረብም ማራቅም ከመቶ 6 አይለፍ።

የታተሙት ፎቶዎች በ600 ዲፒአይ፣ ጉርድ ፎቶዎቹ በ1200 ይነሡ። በስልክ የመጡት በቴሌግራም «ፋይል» ተብለው ካልተላኩ ተጨምቀው ስለሚደርሱ ትልቅ ስክሪን ላይ ፊት ይፈርሳል። ስለዚህ 9ኛውና 22ኛው እንደገና ይላኩ። የቆመውን ፎቶ ለማስፋት አትጎትተው፤ ጥቁር መደብ ላይ እንዳለ ይቁም። ጽሑፉ በ`Noto Sans Ethiopic` ይሁን። ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ከተከፈተ ስሙ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣልና ፊደሉ ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ይቀዳ።

የቴሌግራም ድምፅ በ`.ogg` ነው የሚወርደው፤ ማቀናበሪያው እምቢ ካለ፦

```
ffmpeg -i jeddah.ogg -ar 48000 -ac 1 jeddah.wav
```

ንግግር ከፍ ሲል -6 ዲቢ ላይ ይቁም፣ ሙዚቃው ከንግግሩ 20 ዲቢ ዝቅ ይበል። ሙዚቃው ክራር ብቻ ነው፣ ዘፈን የለበትም፤ ግጥም ያለው ሙዚቃ ከሰው ንግግር ጋር ይጋጫል። ያለቀው በ`MP4` ሆኖ 660 ሜጋባይት አካባቢ ይመዝናል፤ በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ። ድንኳኑ ውስጥ ድምፁ በገመድ ይሂድ፤ ብሉቱዝ ድምፁን ከአፍ እንቅስቃሴ ወደ ኋላ ያስቀረዋል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ፊልሙ እንዳይቋረጥ ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይጠብቅ፣ ስክሪኑና ድምፅ ማጉያው በዩፒኤስ ይሁኑ።

0:00 – 0:35 መክፈቻ

ምስል፦ ጥቁር። ቡና ሲወቀጥ ይሰማል፣ 6 ሰከንድ። ከዚያ ፎቶ 1፦ የግቢው በር፣ ከኋላው የጦሳ ተራራ።

እናት (ድምፅ)፦ «ይቺ ልጅ ስትወለድ ዝናብ ነበር። አባቷ መንገድ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ደርሶ፣ ልብሱን ሳይቀይር በሩ ላይ ቆመና ‹ማንን ትመስላለች?› አለኝ። ‹ገብተህ እይ› አልኩት።»

ጽሑፍ፦ ትዕግስትና ያሬድ። ጥር 2017።

0:35 – 1:40 ሆጤ

ምስል፦ ፎቶ 2 እስከ 7። ፎቶ 4 ጥግ ላይ ካሜራው ያተመው ብርቱካናማ ቁጥር አለ፦ 98 10 04። ይህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ «1998 ዓ.ም.» ተብሎ እንዳይጻፍ። ትክክለኛው መስከረም 24 ቀን 1991 ነው፤ ያኔ ትዕግስት ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ፎቶው ጉልበቷ ላይ ነጭ ዱቄት ይዞ ይታያል፤ አይጸዳ።

ሄለን፦ «ትጉ፣ ይህን ፎቶ ያነሡሽ የጎረቤታችን ባል ናቸው። ዱቄቱ ከማን ጓዳ እንደሆነ ደግሞ ባለቤቷ ይንገሩን።»

ምስል፦ እትዬ ዘይነባ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው።

እትዬ ዘይነባ፦ «ከኔ ጓዳ ነዋ! እናቷ ገበያ ስትወጣ እኔ ጋ ነበር የምታስቀምጣት። አምስት ዓመቷ ላይ፣ ረመዳን ነው፣ ‹እኔም እጾማለሁ› አለች። ‹ጹሚ› አልኳት። ስምንት ሰዓት ላይ ጓዳ ስገባ ቴምሬን ይዛ ቁጭ ብላለች። ‹ምነው ትጉ?› ስላት፣ ‹እትዬ፣ እኔኮ የምጾመው የኛን ጾም ነው፤ ቴምር አያስገድፍም› አለችኝ።»

ድንኳኑ እዚህ ላይ ይስቃል። ከመጨረሻው ቃል በኋላ ፎቶ 7 ያለ ንግግር 5 ሰከንድ ይቆይ፤ አለበለዚያ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር በሳቁ ይዋጣል።

1:40 – 3:00 አባት

ምስል፦ ፎቶ 8፦ አባት ከመኪናው ጎማ አጠገብ፣ አንድ እጁ በሩ ላይ። ክራር በባቲ ቅኝት።

ሄለን፦ «አባዬ መጀመሪያ የአሰብን መንገድ ነበር የሚነዳው። በ1990 ጦርነቱ ሲነሣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በሰመራ፣ እስከ ጋላፊ። ትጉ የከተሞቹን ስም ከፊደል በፊት ነው የለየችው።»

ምስል፦ ፎቶ 9፣ ፎቶ 10። ክራሩ በ3 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይጥፋ። ምስል፦ ካሴቱ ጠረጴዛ ላይ፤ በእስክሪብቶ «ለትጉ» ተብሎ የተጻፈበት ጎኑ በቅርበት።

ሄለን፦ «1996፣ ትጉ ሁለተኛ ክፍል። ሚሌ ላይ አድሮ፣ ጋቢናው ውስጥ ቀድቶ፣ በጓደኛው እጅ የላከው ነው።»

አባት (ካሴት)፦ «ትጉ፣ አባትሽ ነኝ። ሚሌ ነኝ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ደብተር ገዝቼልሻለሁ፣ ደርዘን ነው፤ ሁለቱን ለሄለን ስጫት፣ ትጫርበት። እናትሽን አታስቸግሪ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ቅዳሜ ካልመጣሁ እሑድ። አብሽሪ።»

ለአቀናባሪው፦ ካሴቱ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ የቆየ ስለሆነ በቀጥታ አይጫወት። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ተጠምጥሞ ይመለስ፣ የማጫወቻው ራስ በአልኮል ይጥረግ፣ ኮምፒውተሩ ላይ በገመድ ይቀዳ። በባትሪ ከሆነ ባትሪው ሲደክም ድምፁ ይወፍራል፤ በመብራት ይሁን። የሞተሩን ጉርምርምታ ጨርሰህ አታጥፋው፤ ማጽጃው ሲበዛ የሰው ድምፅ ከውኃ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፣ ደግሞም ያ ሞተር የእሱ መኪና ነው። ከሥሩ ሙዚቃ አይግባ። በፊልሙ ሌላ ቦታ ድምፁ አይደገም። ከ«አብሽሪ» በኋላ ማጥፊያው ቀጭ ሲል ይሰማል፤ እሱ ይቆይ።

ይህ ክፍል ለማንም ድንገተኛ መሆን የለበትም። አባት ካረፈ 15 ዓመቱ ነው፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት በድምፁ ማስደንገጥ ልክ አይደለም። እናት ካሴቱን በታኅሣሥ ብቻዋን ሰምታ ፈቅዳለች። ትዕግስት ደግሞ ሰኞ ጠዋት በሄለን አፍ ይነገራት፤ ድምፁን ግን ማታ ትስማው።

ምስል፦ ጥቁር 2 ሰከንድ። ከዚያ ፎቶ 11፦ ከደርዘኑ የተረፈው ደብተር፣ የመጀመሪያው ገጽ፣ የትዕግስት የልጅ ጽሕፈት፤ ከታች የሄለን ጭረት።

3:00 – 3:45 ጂዳ

ምስል፦ ፎቶ 12 እስከ 15። ፎቶ 14 ላይ እናት አዲስ መነጽር አድርጋ።

አክስት ወርቄ (የቴሌግራም ድምፅ)፦ «ትጉዬ፣ የኔ እናት። ሌሊት ነው፣ ማዳም ተኝታለች፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። የመጀመሪያ ደሞዜን ስቀበል ‹ምን ልላክልሽ› ብልሽ ጫማ ትዪኛለሽ ብዬ ነበር። ‹ለእማዬ መነጽር፣ መርፌ ማስገባት አቅቷታል› አልሽኝ። ያን ቀን ትልቅ ሰው እንደሆንሽ ገባኝ። እልል ልልሽ አማረኝ፤ ጮክ ማለት አልችልም፤ እንደዚሁ ተቀበይኝ፦ እልልልል…»

ሹክሹክታው ድምፁ ከፍ አይደረግለት። ድንኳኑ ራሱ ዝም ብሎ ይሰማዋል፣ ከዚያም ሴቶቹ እልልታውን ይቀበሏታል። ለዚህ 7 ሰከንድ ተትቷል፤ ምስሉ ፎቶ 15 ላይ ይጠብቃል።

3:45 – 4:40 ጎንደር

ምስል፦ ፎቶ 16 እስከ 20፦ ዶርም፣ ነጭ ጋዋን፣ የምረቃ ቀን።

ሄለን፦ «ከዚያ ጎንደር። አዋላጅ ነርስ ልትሆን።»

ሜሮን፣ የዶርም ጓደኛ (የቴሌግራም ድምፅ)፦ «የመጀመሪያውን ወሊድ ያገዘች ለት ሊነጋጋ ሲል መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ‹እንዴት ነበር?› አልኳት። ዝም። ቆይታ ‹ሕፃኗ አለቀሰች› አለችኝ። ከዚያ እሷ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም፤ ጎረቤት ዶርም ሰው የሞተብን መስሏቸው መጡ።»

4:40 – 6:05 ያሬድ

ምስል፦ ፎቶ 21 እስከ 26። መጀመሪያ የያሬድ ብቻ ሦስት ፎቶ፤ ከልጅነት፣ ኮምቦልቻ፣ ከአባቱ ሱቅ በር ላይ። ክራር በትዝታ ቅኝት።

ያሬድ (ንግግር)፦ «ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሐረጎ ላይ ጉም ወረደ፣ ፊት ለፊት ምንም አይታይም። ሰው ሁሉ መጸለይ ጀመረ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ግን ‹አብሽሩ፣ ሾፌሩ መንገዱን ያውቀዋል› አለች። ‹በምን አወቅሽ?› ስላት፣ ‹ማርሽ አቀያየሩን ስማው› አለችኝ። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ማርሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ኮምቦልቻ እስክንደርስ አስረዳችኝ። ስወርድ ስልኳን ሳልጠይቅ ወረድኩ፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት እዚያው መናኸሪያ ሄድኩ። አራት ቀን ሄድኩ።»

ያሬድ የተቀዳው ክፍሉ ውስጥ ስለሆነ ድምፁ ያስተጋባል። ጋቢና ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቅለን ሁለተኛ የቀዳነው፣ ‹yared_2› የሚለው ፋይል ይግባ፤ አንደኛው ይቅር።

ሄለን፦ «በአምስተኛው ቀን ትጉ ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ይዛለት ጠበቀችው።»

ምስል፦ ፎቶ 26፦ ሽማግሌ የተላከ ቀን፣ ሳሎኑ ውስጥ።

6:05 – 6:30 ዋሽንግተን

ምስል፦ ፎቶ 27፣ ፎቶ 28። የያሬድ እህት የላከችው ድምፅ 40 ሰከንድ ነው፤ ይህ ብቻ ይወሰድ፦

«ትዕግስት፣ እንኳን ወደ ቤታችን መጣሽ። ያሬድ ሲናደድ ዝም ይላል፤ ዝምታውን አትፍሪው፣ ሻይ አፍልተሽ አስቀምጪለት፣ ራሱ ይመጣል።»

6:30 – 7:20 ምርቃት

ምስል፦ ፎቶ 29፣ ፎቶ 30። ፎቶ 31 እሑድ ከሠርጉ የሚመረጥ ነው፤ ሄለን እሑድ ማታ እስከ 4 ሰዓት ታድርስ። ካልደረሰ የሽማግሌው ቀን ሁለተኛ ፎቶ በቦታው ገብቶ ተዘጋጅቷል።

የያሬድ አባት፦ «ልጄ፣ ቤቱ ቤትሽ ነው። የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ።»

እትዬ ዘይነባ፦ «አላህ አንድ ትራስ ላይ ያስረጃችሁ። ለልጆቻችሁም ጓዳዬ ክፍት ነው፤ ቴምርም አይጠፋም።»

እናት፦ «ውለዱ፣ ክበዱ። መንገዳችሁ ቀና ይሁን። የወጣ ሁሉ በሰላም ይግባ። አሜን በሉ።»

የድንኳኑ «አሜን» እንዲሰማ ክራሩ ቀድሞ ይቁም። ፎቶ 31 ስክሪኑ ላይ ይቆይ፣ አይጥፋ። መብራቱ ይብራ፤ ድፎ ዳቦው በሄለንና በእትዬ ዘይነባ እጅ ይግባ።