ቤታችን ስለሚያድሩ እንግዶች

ውድ የቤት ጓደኛዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህን በጽሑፍ ያደረግሁት ነገሩን ለማክበድ አይደለም፤ እኔ ከፋብሪካ ስገባ አንቺ ለአዳር ተረኝነት ወደ ሆስፒታል ስለምትወጪ የምንገናኘው በር ላይ ብቻ ነው፤ በችኮላ የተነገረ ቃል ደግሞ ወቀሳ ይመስላል።

ዘመድ አይምጣብን የሚል ሐሳብ ፈጽሞ የለኝም። ለሕክምና ብሎ ከመንዝ ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣን ሰው አልጋ ተከራይተህ እደር ማለት ነውር ነው። እናቴም ከሸዋ ሮቢት መጥታ፣ ቆላ የለመደ ሰውነቷ የዚህን ከተማ ብርድ አልችል ሲል፣ የራስሽን ጋቢ ያለበስሻት አንቺ ነሽ። የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር ነው፤ የምተኛው ሳሎኑ ውስጥ በመሆኑ፣ እንግዳ መኖሩን በሩን ስከፍት ብቻ ካወቅሁ የማርፍበት ቦታ አጣለሁ፤ ሰርቪሱን ለመያዝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስነሣም መብራቱ እንግዳውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል።

ስለዚህ የሚያድር እንግዳ ሲኖር እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በስልክ መልእክት ብንነጋገር እወዳለሁ። ይህ ማሳወቅ እንጂ ፈቃድ መጠየቅ አይደለም፤ የመጣው ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ መመርመር የማናችንም ድርሻ አይሁን። የጣርማ በር ጉም መኪናውን አዘግይቶበት ሳይታሰብ በምሽት የደረሰ ሰው ግን አስቀድሞ ባይነገርም ይግባ። እንግዳው በጋባዡ ክፍል ይተኛ፤ የእኔ ሳሎን፣ የአንቺ ጓዳ። ለዚህም አንድ ትርፍ ፍራሽ በጋራ እንግዛ።

ቆይታው ከሁለት ሌሊት የሚያልፍ ከሆነ አስቀድመን እንመካከር፤ ሕመምተኛ ግን ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆይ፣ በዚህ ላይ ቀን መቁጠር አልፈልግም። ወንድ እንግዳ፣ ወንድሞቻችንም ጭምር፣ የሚያድረው ሁለታችንም ስንስማማ ብቻ ይሁን፤ አንዳችን አይመቸኝም ካልን ምክንያት አንጠየቅ። ምሽት ላይ የግቢውን በር ማስከፈትና ለአከራያችን መንገር የጋባዡ ኃላፊነት ነው። የውኃና የመብራት ወጪ ለአንድ ሁለት ሌሊት የሚቆጠር አይደለም፤ ከዚያ ሲያልፍ ጋባዡ ይጨምር።

ይህ ሁሉ በመጀመሪያ የሚመለከተው እኔን ነው። ለጥምቀት እኅቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር መጥታ አራት ሌሊት ልታድር አስባለች። ከአዳር ሥራ ስትመለሺ የቀን እንቅልፍ እንደሚያስፈልግሽና ልጆች ባሉበት ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ እስካሁን እሺ አላልኳትም፤ አይሆንም ካልሽኝ አክስቴ ቤት እንዲያርፉ አደርጋለሁ፣ ቅርም አይለኝም።

ያልተስማማሽን ሰርዢ፣ የጎደለውንም ጨምሪበት፤ በተለይ የሁለት ሌሊቱ ገደብ ለአንቺ ዘመዶች ጠባብ መስሎ ከታየሽ ልቀይረው ዝግጁ ነኝ። እሑድ ሁለታችንም ሥራ ስለማንገባ ቡና አፍልቼ እንነጋገርበት። ስለ ጥምቀቱ ግን እኅቴ መልስ እየጠበቀች ነውና ከዚያ በፊት ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪሽ፣ የቤት ጓደኛሽ