የ2019 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ የስጦታ ዕጣ፤ ማስታወቂያና የተሳትፎ ደንብ

ውድ ደንበኞቻችንና የገጻችን ተከታታዮች፣ እግዚአብሔር ለ2019 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ በሰላም እንዲያደርሳችሁ እየተመኘን፣ በሽሮ ሜዳ የሚገኘው የባህል ልብስ ሱቃችን ለበዓሉ ሦስት ስጦታዎችን አዘጋጅቶ በዕጣ ለማበርከት መወሰኑን በደስታ እንገልጻለን።

አንደኛው ዕጣ በእጅ የተሸመነ፣ ከአንገቱ እስከ ታች ጫፉ ጥልፍ የወረደበት የሴት የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው ሲሆን የሽያጭ ዋጋው 14,000 ብር ነው። ሁለተኛው ዕጣ 5,000 ብር የሚያወጣ ባለ ጥለት ጋቢ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዕድሜው ከ3 እስከ 10 ዓመት ለሆነ ልጅ የሚሆን 3,500 ብር የሚያወጣ የባህል ልብስ ነው። የቀሚሱ ጨርቅ ተሸምኖ፣ ጥልፉም አልቆ ተቀምጧል፤ የቀረው በአሸናፊዋ ልክ መሰፋቱ ብቻ ነው። ዕጣውን ከበዓሉ ስድስት ቀን አስቀድመን የምናወጣውም ልብሱ ለመስከረም 1 ጠዋት እንዲደርስ ብለን ነው። የቀሚሱ ዕድለኛ ወንድ ከሆነ ለእናቱ፣ ለባለቤቱ፣ ለእህቱ ወይም ለወደዳት ሰው ልክ ማሰፋት ይችላል።

የተሳትፎ ደንቡ ከዚህ በታች የተጻፈው ነው። ከመሳተፋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው እንድታነቡት በአክብሮት እንጠይቃለን።

እንዴት መሳተፍ ይቻላል?

መጀመሪያ ይህን የፌስቡክ ገጻችንን ይከተሉ። ቀጥሎ በዚሁ ማስታወቂያ ሥር በሚገኘው የአስተያየት መስጫ ላይ «የ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን ስንት ቀናት ይኖሯታል?» ለሚለው ጥያቄ መልስዎን በቁጥር ይጻፉ፤ ከመልሱ አጠገብም የሚኖሩበትን ከተማ ስም ብቻ ያክሉ። ለምሳሌ አንድ የሐዋሳ ነዋሪ መልሱን በቁጥር አስቀምጦ «ሐዋሳ» ብሎ ከጻፈ ተሳትፎው ተሟልቷል። ጥያቄው ስለ መጪው ዓመት ጳጉሜን እንጂ አሁን ስለምንገባባት ጳጉሜን አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ስልክ ቁጥርዎንና የቤት አድራሻዎን ግን ሁሉም በሚያነበው ቦታ ላይ ፈጽሞ አይጻፉ።

ማስታወቂያውን ማጋራትም ሆነ የጓደኛን ስም መጥራት የተሳትፎ መስፈርት አይደለም፤ ተጨማሪ ዕድልም አያስገኝም። ፌስቡክ ራሱ የግል ገጽና የጓደኝነት ትስስር ለእንዲህ ያለ ዕጣ መስፈርት እንዳይሆን ይከለክላል፤ እኛም ለዕጣ ሲባል ሰው ወዳጆቹን እንዲያስቸግር አንፈልግም። ዕቃ መግዛትም አይጠበቅብዎትም፤ ከሱቃችን ገዝተው የማያውቁ ሰው የዘወትር ደንበኛችን ካላቸው ዕድል ጋር እኩል ዕድል አላቸው።

ተሳትፎው ዛሬ ረቡዕ ነሐሴ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ተጀምሮ ረቡዕ ነሐሴ 27 ቀን ከምሽቱ 12:00 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በውጭ አገር ላላችሁ ቀኑ እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2026 ነው፤ በሪያድና በቴል አቪቭ ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል በመሆኑ በእናንተ አቆጣጠር 18:00፣ በዋሽንግተን ደግሞ ከረፋዱ 11:00 ይሆናል። ከመዝጊያው ሰዓት በፊት መልስን ማረም ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈም ሆነ የታረመ መልስ አይያዝም።

ማን መሳተፍ ይችላል?

ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው መሳተፍ ይችላል። አንድ ሰው የሚመዘገበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደጋግሞ ቢጽፍ የመጀመሪያው ይያዝለታል፣ በልዩ ልዩ የሐሰት ስሞች መሳተፉ ከተረጋገጠ ግን ሁሉም ይሰረዛል። የሱቁ ባለቤቶች፣ ሠራተኞች፣ ለሱቁ የሚሸምኑና የሚሰፉ ባለሙያዎች እንዲሁም የእነዚህ ሁሉ የቅርብ ቤተሰቦች መሳተፍ አይችሉም። ስጦታው የሚሰጠው በኢትዮጵያ ውስጥ በመሆኑ በውጭ የሚኖር አሸናፊ እዚህ የሚረከብለትን ሰው ይወክላል።

ዕጣው እንዴት ይወጣል?

ሐሙስ ነሐሴ 28 ቀን በትክክል የመለሱትን ሁሉ በጻፉበት ቅደም ተከተል መዝግበን ለእያንዳንዳቸው ከ0001 የሚጀምር ባለ አራት አሃዝ ቁጥር እንሰጣለን፤ ዝርዝሩንም በዚህ ገጽና በቴሌግራም ቻናላችን ላይ እናወጣለን። ተሳታፊዎቹ ከ9,999 ከበለጡ ቁጥሩ ባለ አምስት አሃዝ ይሆናል። ስሙ የተዘለለበት ወይም ቁጥሩ የተሳሳተበት ሰው ዓርብ ነሐሴ 29 ቀን እስከ ምሽቱ 12:00 ሰዓት ድረስ በገጹ የመልእክት ሳጥን ካሳወቀን አጣርተን እናስተካክላለን። ከዚያ ሰዓት በኋላ ዝርዝሩ አይነካም።

ዕጣው ቅዳሜ ነሐሴ 30 ቀን ከቀኑ 8:00 ሰዓት ላይ በሱቃችን ውስጥ፣ በፌስቡክ ቀጥታ ስርጭት ይወጣል። ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው አሥር እኩል ኳሶች በካሜራው ፊት አንድ በአንድ ከታዩ በኋላ ውስጡ በማይታይ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ። ከታዳሚዎች መካከል የተመረጠ ሰው እጁን ሰዶ አንድ ኳስ ያወጣል፤ አሃዙ ይነበባል፣ ኳሱ ተመልሶ ይገባል፣ ከረጢቱም እንደገና ይናወጣል። በዚህ ዓይነት ከግራ ወደ ቀኝ የተሟላው ቁጥር የዕድለኛው ቁጥር ነው። በዝርዝሩ ላይ የሌለ ወይም አስቀድሞ የወጣ ቁጥር ከመጣ ከመጀመሪያው አሃዝ ጀምሮ በድጋሚ ይወጣል። ይህን መንገድ የመረጥነው ማንኛውም ተመልካች ምንም የኮምፒውተር እውቀት ሳያስፈልገው በዓይኑ ሊከታተለው ስለሚችል ነው።

መጀመሪያ ሦስተኛው፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ በመጨረሻም አንደኛው ዕጣ ይወጣል፤ ከዚያም ሦስት ተጠባባቂዎች በተራ ይመረጣሉ። የሰፈሩ እድር ጸሐፊና ከሱቃችን ጋር የንግድ ግንኙነት የሌላቸው ሁለት ጎረቤቶች በታዛቢነት ተገኝተው በቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርማሉ። ቃለ ጉባኤውና ቪዲዮው እስከ መስከረም 30 ቀን 2019 ዓ.ም. በገጹ ላይ ይቆያሉ። ዕጣውን ለማካሄድ ከሚመለከተው የመንግሥት አካል የተሰጠን ፈቃድ በሱቃችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ለአሸናፊዎች የሚላከው መልእክትና የርክክቡ ሁኔታ

አሸናፊዎች ከዚሁ ገጽ በቀጥታ የሚከተለው መልእክት ይደርሳቸዋል፦

«እንኳን ደስ አለዎ። በእንቁጣጣሽ የስጦታ ዕጣችን የተሳትፎ ቁጥርዎ ወጥቷል። እባክዎ እስከ ሰኞ ጳጉሜን 2 ቀን ከቀኑ 8:00 ሰዓት ድረስ ሙሉ ስምዎን፣ ስልክ ቁጥርዎንና ስጦታውን የሚረከቡበትን ከተማ በዚሁ መስመር ይጻፉልን። ምንም ዓይነት ክፍያ አይጠየቁም።»

እስከተባለው ሰዓት ምላሽ ካልደረሰን ስጦታው በተራው ለተጠባባቂው ይተላለፋል። በአዲስ አበባ ያሉ መታወቂያቸውን ይዘው ከሱቃችን ይረከባሉ፤ ለክፍለ ሀገር አሸናፊዎች የመላኪያውን ወጪ ሱቁ ይሸፍናል፤ ነገር ግን ራቅ ላሉ ከተሞች ዕቃው ከበዓሉ በኋላ ሊደርስ ይችላል። በስጦታው ላይ የሚጠየቅ ግብር ካለም የሚከፍለው ሱቁ ነው። ስጦታው በገንዘብ አይለወጥም።

ከአጭበርባሪዎች ይጠንቀቁ

በበዓል ሰሞን የነጋዴ ገጽ ስምና ፎቶ ገልብጠው «አሸንፈዋል፣ ለመላኪያ ይህን ያህል ብር በቴሌብር ይላኩ» የሚሉ ሰዎች ይበዛሉ። እኛ ከአሸናፊ ገንዘብ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የምስጢር ቁጥር ወይም በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ በምንም ምክንያት አንጠይቅም። ከዕጣው ቀን በፊት «አሸንፈዋል» የሚል መልእክት ከደረሰዎ ሐሰት ነው፤ አይመልሱለት፣ ፎቶ አንስተው ይላኩልን፤ ሌሎች እንዳይታለሉ በገጹ ላይ እናሳውቃለን።

ተጨማሪ ድንጋጌዎች

ይህን ዕጣ ፌስቡክም ሆነ ቴሌግራም አላዘጋጁትም፣ አልደገፉትም፣ አያስተዳድሩትም፤ ተሳታፊዎችም በዕጣው ምክንያት እነዚህን ድርጅቶች ኃላፊ እንደማያደርጉ ተስማምተው ይሳተፋሉ። ከአሸናፊዎች የምንቀበለው መረጃ ስጦታውን ለማድረስ ብቻ ይውላል፤ ርክክቡ እንዳለቀም ይሰረዛል። የአሸናፊ ፎቶ የሚወጣው ባለቤቱ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ባይፈቅድም ስጦታውን አያጣም። በመብራት ወይም በኔትወርክ መቋረጥ ስርጭቱ ከተስተጓጎለ የዕጣው ሥነ ሥርዓት ባለበት ቆሞ አዲሱ ሰዓት በገጹ ላይ ይገለጻል፤ ማንም ሳያይ የሚወጣ ዕጣ አይኖርም። ጥያቄ ያላችሁ እስከ ዕጣው ዕለት ድረስ በገጹ የመልእክት ሳጥን ጻፉልን፤ ወይም እሑድን ሳይጨምር ከጠዋቱ 3:00 እስከ ምሽቱ 12:00 ሰዓት ድረስ ወደ ሱቃችን ብቅ በሉ።

የሱቁ ባለቤቶችና ሠራተኞች
ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.