ለማተሚያ ቤታችን መሥራቾችና የመጀመሪያው ቦርድ አባላት የተላከ የክብር ጥሪ

ጥቅምት 27 ቀን 2019 ዓ.ም.

ለተከበሩ ባለውለታችን

ጉዳዩ፦ በ25ኛ ዓመት የምሥረታ በዓላችን ላይ በክብር እንግድነት እንዲገኙልን ስለመጋበዝ

በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ማተሚያ ቤታችን በ1994 ዓ.ም. በሁለት ክፍልና በአንድ ማሽን ሥራ ከጀመረ እነሆ 25 ዓመት ሞላው። በዓሉን ቅዳሜ ኅዳር 19 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ጀምሮ በግቢያችን በተሠራው አዲስ የሥልጠና አዳራሽ እናከብራለን። አዳራሹም በዚያው ዕለት ይመረቃል። እርስዎ ሳይገኙ በሩን መክፈት አልፈለግንም።

በቅርቡ የቆዩ ሰነዶችን ስናደራጅ የመጀመሪያውን የሥራ መቀበያ መዝገብ አገኘነው። ጠርዙ ተበልቷል፤ ሽፋኑ ላይ የቀለም ጣት አሻራ አለ። በመጀመሪያው ገጽ የተመዘገበው ሥራ 50 ጥራዝ ደረሰኝ ሲሆን፣ ከሥሩ የእናንተ የመሥራቾቹ ፊርማ ተደርድሯል። አብዛኞቹ ወጣት ሠራተኞቻችን ፊርማዎቹን ያዩት ያን ዕለት ነበር፤ “እነዚህ እነማን ናቸው?” ብለው ሲጠይቁን ግን በቃል ብቻ መመለሱ አላረካንም። ከራስዎ አንደበት ቢሰሙት ምንኛ ደስ ባለን! ስለዚህ በዕለቱ የእኛን ንግግር አሳጥረን፣ ሰፊውን ጊዜ ለእናንተና ለወጣቶቹ ጭውውት ሰጥተነዋል። የተዘጋጀ ጽሑፍ አያስፈልግም፤ ያስታወሱትን ያህል ቢያጫውቱን ይበቃናል።

መዝገቡም በመድረኩ ላይ ይቀመጣል። ከመጨረሻዎቹ ገጾች አንዱ ባዶ ስለሆነ፣ ዳግም እንዲፈርሙልን ለእርስዎ ጠብቀነዋል።

አዳራሹ ምድር ቤት በመሆኑ ደረጃ መውጣት አያስፈልግም። መቀመጫዎ በፊተኛው ረድፍ ተይዟል፤ መኪናዎም እስከ በሩ ድረስ መግባት ይችላል። አብሮዎት የሚመጣ አንድ የቤተሰብ አባል እንግዳችን ነው። መጓጓዣ ካስፈለገዎ መኪና ልከን ከቤትዎ እናስመጣዎታለን፣ መልሰንም እናደርስዎታለን። ሥነ ሥርዓቱ 11፡30 ላይ ይጠናቀቃል፤ ድካም ከተሰማዎ ግን በፈለጉት ሰዓት ማረፍ የሚችሉበት ጸጥ ያለ ክፍል ከአዳራሹ አጠገብ አዘጋጅተናል።

መገኘትዎን እስከ ኅዳር 12 ቀን ድረስ ይህን ደብዳቤ ላደረሰልዎ ባልደረባችን ወይም ለሥራ አስኪያጁ ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቁን ለመስተንግዶው በእጅጉ ይረዳናል። ጤናዎ የማይፈቅድልዎ ከሆነም ይንገሩን፤ መዝገቡን ይዘን ቤትዎ ድረስ እንመጣለን።

ጥሪያችንን አክብረው እንደሚገኙልን በመተማመን፣ ለሰጡን ዕድሜና ልፋት ከልብ እናመሰግናለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የማተሚያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
በመላው ሠራተኞች ስም