የውጤት ማካካሻ ደንብ፦ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል የማለፍ ውሳኔ የሚሰጥበት አሠራር

ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.
ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች

ደንቡ ለምን ወጣ

የሮስተር ሰሞን ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። 48 ላይ የቆመ ውጤት አለ። ተማሪው በሌላው ትምህርት ጎበዝ ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር ወደ ባልደረባው ይሄዳል፣ ይነጋገራሉ፣ በማግስቱ 48 የነበረው 50 ሆኖ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚደረገው በርኅራኄ ነው፤ ነገር ግን ርኅራኄው የሚደርሰው የሚናገርለት ሰው ላለው ልጅ ብቻ ነው። ከቋሪት ወይም ከደጋ ዳሞት መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው፣ ዓርብ ስንቁን ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ የሚሄደው ልጅ 48ቱን ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ ይህ ደንብ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። ለጥቂት የወደቀ ተማሪ በበረታበት ትምህርት ተደግፎ እንዲያልፍ በግልጽ ይፈቅዳል። በአንጻሩ ማንኛውንም የነጥብ ማሻሻል ይከለክላል። 48 ካለ 48 ተብሎ ይመዘገባል፤ የሚለወጠው ውሳኔው እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

ይህ ለተማሪ ማዳላት አይደለም። አንድ ፈተና በሌላ ቀን፣ በሌሎች ጥያቄዎች ቢሰጥ ያው ልጅ ያንኑ ነጥብ በትክክል አያመጣም፤ በ47 እና በ50 መካከል ያለው ርቀት ሁለት የምርጫ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። በ30 እና በ50 መካከል ያለው ግን የዕውቀት ርቀት ነው። ደንቡ የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አንቀጽ 1፦ ለጥቂት የወደቀ ማለት

በእያንዳንዱ ትምህርት የማለፊያ ነጥብ 50 ነው፤ ይህ አልተቀየረም። የሚታየው የሁለቱ መንፈቅ ዓመታት አማካይ ነው። ከ45 እስከ 49 ያለ አማካይ ለጥቂት የወደቀ ይባላል፣ ሊካካስም ይችላል። ከ45 በታች የሆነ፣ ሌላው ትምህርት ሁሉ 90 ቢሆንም፣ አይካካስም።

ክፍልፋይ የሚጠጋው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዓመቱ አማካይ ላይ ነው። 41 እና 50 ያገኘ ተማሪ አማካዩ 45.5 ስለሆነ 46 ይሆናል። በየመንፈቁ ማጠጋጋት፣ ከዚያም በዓመቱ ደግሞ ማጠጋጋት ነጥብ ከባዶ መፍጠር ስለሆነ አይፈቀድም።

አንድ ተጨማሪ ገደብ አለ። በሁለተኛው መንፈቅ ከ40 በታች ያገኘበት ትምህርት፣ አማካዩ 45 ቢደርስም አይካካስም። በመጀመሪያው መንፈቅ 58፣ በሁለተኛው 36 ያመጣ ልጅ አማካዩ 47 ነው፤ ይህ ልጅ ለጥቂት የወደቀ ሳይሆን ትምህርቱን መሀል ላይ የተወ ነው። 41 ጀምሮ 50 የደረሰው ግን ወደ ላይ እየወጣ ነውና ከዚህኛው ጋር አንድ ሚዛን ላይ አናስቀምጠውም።

አንቀጽ 2፦ ስሌቱ

ለማካካስ የሚቆጠረው በአንድ ትምህርት ከ60 በላይ ያለው ትርፍ ነው። ለጎደለው ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ሁለት ነጥብ ትርፍ ያስፈልጋል። 49 ያገኘ በሌላ ትምህርት 62፣ 46 ያገኘ 68፣ 45 ያገኘ 70 ሊኖረው ይገባል። አንድ ለአንድ ብናደርገው ጎዶሎው በርካሽ ይሸፈናል፤ ሁለት ለአንድ ሲሆን ግን ተማሪው በሌላው ትምህርት በእርግጥ ብርቱ መሆኑን ማሳየት አለበት።

አንድ ብርቱ ትምህርት የሚሸፍነው አንድ ጎዶሎ ብቻ ነው። ሁለት መጠነኛ ትርፎችን ደምሮ አንድ ጎዶሎ መሸፈንም አይቻልም። በዓመት ከሁለት ትምህርት በላይ አይካካስም። አንድ ትምህርት የሚካካስለት ተማሪ አጠቃላይ አማካዩ ቢያንስ 50፣ ሁለት የሚካካስለት ቢያንስ 55 መሆን አለበት።

አንቀጽ 3፦ የትኛው ትምህርት የትኛውን ይሸፍናል

ረቂቁ ለወላጅ መምህር ኅብረት ሲቀርብ ከፍተኛ ክርክር ያስነሳው ይህ ነው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ያለፉ አንድ አባት፣ ጉባኤ ቃና ያልሞላለት ተማሪ ወደ ዘአምላኪየ እንደማይሻገር አስታውሰው፣ ድምፁ ስላማረ ብቻ ቅኔ ተቀኝቷል የሚባል ሰው በጎጃም ታይቶ ያውቃል ወይ ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ደንቡም በእርሳቸው ምክንያት ተሻሽሏል። አንዱ ትምህርት ለሚቀጥለው መወጣጫ በሆነበት ቦታ ማካካሻው ጠበቅ ይላል።

ሒሳብ የሚካካሰው በፊዚክስ ወይም በኬሚስትሪ ብቻ ነው። በፊዚክስ 70 ያመጣ ልጅ እኩልታ መፍታት አይችልም ማለት ያስቸግራል፤ በታሪክ 70 ያመጣው ግን ስለ ሒሳቡ የነገረን ነገር የለም።

እንግሊዝኛ የሚካካሰው በእንግሊዝኛ በምናስተምረውና በምንፈትነው በማንኛውም ትምህርት ነው። ጂኦግራፊን ወይም ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ አንብቦ፣ በእንግሊዝኛ መልሶ 70 ያመጣ ተማሪ ቋንቋውን ሥራ ላይ አውሎታል። አማርኛ እንግሊዝኛን አይሸፍንም፤ አንዳንድ መምህራን ሁለቱም ቋንቋ ናቸው ብለው ተከራክረው ነበር፣ አልተቀበልነውም።

ሌሎቹ ትምህርቶች በየትኛውም ትምህርት ሊካካሱ ይችላሉ፣ ከአንድ በስተቀር። ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ሌላውን መሸፈኛ አይሆንም። መምህሩን ለማሳነስ አይደለም። በዚያ ትምህርት ከ60 በታች የሚያገኝ ተማሪ ብርቅ ስለሆነ፣ መሸፈኛ ቢሆን ሁሉም ተማሪ የማለፊያ ወረቀት በኪሱ ይዞ ዓመቱን ይጀምር ነበር።

በአንድ ትምህርት ሁለት ዓመት በተከታታይ አይካካስም። በ9ኛ ክፍል ሒሳብ የተካካሰለት ተማሪ በ10ኛ ክፍል ሒሳብን በራሱ ነጥብ ማለፍ አለበት። በተጨማሪም ማካካሻ ክፍል ያሳልፋል እንጂ የትምህርት መስክ አያስመርጥም፤ በ10ኛ ክፍል ሒሳብ የተካካሰለት ተማሪ ተፈጥሮ ሳይንስ መግባት ከፈለገ የሒሳብ ድጋሚ ፈተና ወስዶ 50 ማምጣት ይኖርበታል።

አንቀጽ 4፦ ሦስት ማሳያዎች

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሒሳብ 46፣ ፊዚክስ 69፣ አጠቃላይ አማካይ 61 አላት። የጎደለው 4፣ የሚያስፈልገው ትርፍ 8፣ ከፊዚክስ የተገኘው 9። አልፋለች።

ሌላ ተማሪ እንግሊዝኛ 48፣ ሒሳብ 47፣ ታሪክ 66፣ ኬሚስትሪ 65፣ አጠቃላይ አማካይ 57 አለው፤ ከእነዚህ ሌላ ከ60 በላይ ያገኘበት ትምህርት የለም። እንግሊዝኛው 2 ጎድሎታል፣ 4 ይፈልጋል፣ ታሪክ 6 ትርፍ ስላለው ይሸፍነዋል። ሒሳቡ 3 ጎድሎታል፣ 6 ይፈልጋል፣ ኬሚስትሪ ያለው 5 ነው። ከታሪክ የተረፈውን አምጥቶ መጨመር አይቻልም። ይህ ልጅ በአንድ ነጥብ ቀርቷል፤ ኮሚቴው ግን ነጥቧን አይሰጠውም፣ ምክንያቱም በደንቡ ላይ አንድ ነጥብ ከተለመነ ነገ ሁለት ይለመናል። እንግሊዝኛው ተካክሶለት የሒሳብ ድጋሚ ፈተና ብቻ ይወስዳል።

ሦስተኛዋ ጂኦግራፊ 44፣ አማርኛ 91 አላት። አይካካስም። መስመር በተሰመረበት ሁሉ ከመስመሩ ማዶ የሚቆም ሰው ይኖራል፤ ለእርሷ የተተወው በር ድጋሚ ፈተናው ነው።

አንቀጽ 5፦ ማካካሻ የማይመለከታቸው

በዓመቱ በፈተና መኮረጁ ወይም ማስኮረጁ በጽሑፍ የተረጋገጠበት ተማሪ በዚያ ዓመት በምንም ትምህርት አይካካስለትም።

ያልተመዘነ ነገርም አይካካስም። በኅዳርና በታኅሣሥ ለአጨዳና ለውቂያ የሚቀሩ ተማሪዎች አሉ፤ እናውቃለን፣ ብዙዎቻችንም ያደግነው እንዲሁ ነው። ያመለጣቸውን ተከታታይ ምዘና መንፈቁ ሳያልቅ የማሟላት መብት አላቸው፣ መምህሩም የመስጠት ግዴታ አለበት። ሳያሟሉ ቀርተው ውጤታቸው 46 ቢሆን ግን ጎዶሎው የችሎታ ይሁን የመቅረት ስለማይታወቅ መጀመሪያ ምዘናው ይሟላል። ትምህርት ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ውጭ በተቋረጠባቸው ሳምንታት ያልተሰጠ ምዘና በተማሪው ላይ ዜሮ ተደርጎ አይያዝም፤ ነጥቡ የሚሰላው ከተሰጠው ላይ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዚህ ደንብ አይነካም። እዚያ የሚታየው ድምር ስለሆነ አንዱ ትምህርት ሌላውን የሚደግፍበት የራሱ አሠራር አለው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ የሚያወጣው መመሪያ ከዚህ ደንብ ጋር ከተጋጨ የቢሮው ይጸናል።

አንቀጽ 6፦ ማን ይወስናል

መምህራን ነጥባቸውን ፈርመው ለሪከርድ ክፍል ካስረከቡ በኋላ ቁጥር አይነካም፤ የስሌት ስህተት ከተገኘ በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ብቻ ይታረማል። ከዚያ የክፍል ኃላፊው ለጥቂት የወደቁትን ለይቶ ያቀርባል። ተማሪው ማመልከት አያስፈልገውም፤ የሚያመለክት ብቻ የሚታይለት ቢሆን ኖሮ ወደ ጀመርንበት አድልዎ በተመለስን ነበር።

ኮሚቴው ምክትል ርዕሰ መምህሩን፣ የሪከርድ ኃላፊውን፣ ሁለት የመምህራን ተወካዮችንና አንድ የወላጅ ተወካይ ይይዛል። ልጁ ወይም የቅርብ ዘመዱ የሚታይለት አባል ከስብሰባው ይወጣል። ኮሚቴው ስሌቱ መሟላቱን ያረጋግጣል እንጂ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ቤተሰቡ ችግር ወይም ስለ ጉብዝናው አይወያይም።

አንቀጽ 7፦ ካርዱ ላይ የሚጻፈው

የተገኘው ነጥብ እንዳለ ይጻፋል፣ አጠገቡ «ማ» ይደረጋል፤ በትራንስክሪፕትም እንዲሁ። ምልክቱን ለማጥፋት የሚፈልግ ተማሪ ድጋሚ ፈተናውን መውሰድ ይችላል፤ ካለፈ 50 ይመዘገብለታል፣ ቢወድቅም የተካካሰለት ማለፍ አይወሰድበትም። ድጋሚ ፈተና የሚሰጠው በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ሲሆን፣ ማንም ቢሆን ከ50 በላይ አይመዘገብለትም።

አንቀጽ 8፦ ቅሬታ

ካርድ ከተሰጠ በኋላ ባሉት አምስት የሥራ ቀናት ተማሪው ወይም ወላጁ ቅሬታ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ መጻፍ የማይችል ወላጅ ቃሉን ለሪከርድ ክፍል ሰጥቶ ይጻፍለታል። ስለ ነጥቡ የሚቀርብ ቅሬታ ለትምህርት ክፍሉ፣ ስለ ማካካሻው ስሌት የሚቀርብ ለኮሚቴው ይሄዳል። መልሱ ስሌቱን ከነቁጥሩ የያዘ መሆን አለበት፤ «ታይቶ አልተቻለም» የሚል መልስ እንደ መልስ አይቆጠርም።

አንቀጽ 9፦ የሚጸናበት ጊዜ

ደንቡ ከ2018 የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ በ2017 ክፍል የደገሙ ተማሪዎች በዚህ ደንብ ውሳኔያቸው እንዲለወጥ መጠየቅ አይችሉም። ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ ተማሪ የመጀመሪያው መንፈቅ ነጥቡ ከላከው ትምህርት ቤት በማኅተም ከመጣ እንደኛው ተማሪ ይታያል።

የትምህርት ጉዳዮች ምክትል ርዕሰ መምህር
ፊርማና ማኅተም