ርዕስ፦ ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነው፤ ምስጋናዬና የምገኝበት አድራሻ

ለ፦ የውሃ ጥራት ላብራቶሪና የስርጭት ቡድን፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ?

የኢንተርንሺፕ ጊዜዬ ዛሬ አርብ ያበቃል። ግማሾቻችሁ ናሙና ለመውሰድ ወደ ሃዌላ ቱላ ስለወጣችሁ ሁላችሁንም በአካል ማግኘት አልቻልኩም። ስለዚህ በጽሑፍ ልሰናበታችሁ።

ክፍል ውስጥ ክሎሪንን የምናውቀው በቀመር ነው። ከአቶ ዳንጊሶ ጋር ሰው ግቢ እየገባሁ ከቧንቧ ስለካው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ቀሪው ክሎሪን እዚያው ቧንቧው ሥር መለካት ያለበት መንገድ ላይ ስለሚቀንስ ነው። የባክቴሪያ ናሙናው ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ታዮሰልፌት የሚጨመረው ክሎሪኑ በጉዞው ላይ ባክቴሪያውን መግደሉን እንዳይቀጥልና ውጤቱ ንጹሕ መስሎ እንዳይወጣ ነው። ይህን መጽሐፍም ይናገራል። ከበረዶ ሳጥኑ ጋር በፀሐይ እየዞሩ፣ ለእያንዳንዷ እናት ምን እንደሚለካ ሲያስረዱ ያየሁት ግን ከእርስዎ ነው። አቶ ዳንጊሶ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወይዘሮ አልማዝ፣ ሁለቱ ንባቦች ካልተቀራረቡ ውጤት መዝገብ ላይ እንዳይገባ አድርገው አስለምደውኛል። ሰዓቱ ቢመሽም እንደገና አስለክተውኛል። ከዚህ የምወስደው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ያደግኩት ባቱ ነው። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ምን እንደሚያደርግ በታናናሽ ወንድሞቼ ጥርስ ላይ አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ይላል። ከዚያ በላይና በታች ባለችው ትንሽ ልዩነት ውስጥ የልጆች ጥርስና አጥንት አለ። እርስዎ ቁጥሩን የሚይዙት ይህን እያሰቡ መሆኑን በየቀኑ አይቻለሁ።

ኢንጂነር ሰላማዊት፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ስብሰባ ላይ አስገብተሽ ሐሳቤን ስለጠየቅሽኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሽ ተሾመ፣ መኪናው ውስጥ ስለ እያንዳንዱ ሰፈር የቧንቧ መስመር የነገሩኝን በማስታወሻ ይዣለሁ። የትኛው መስመር መቼ እንደተቀየረ እንደ እርስዎ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ሥራውን በተመለከተ፦ የፍሎራይድ ውጤቶቹ ሁሉ በጋራው ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል ገብተዋል። የኤሌክትሮዱ የካሊብሬሽን መዝገብ እስከ ትናንት ድረስ ተሞልቷል። የስታንዳርድ መፍትሔው እያለቀ ስለሆነ ከሚቀጥለው ዙር ናሙና በፊት ቢታዘዝ ጥሩ ነው። ዛሬ የሚመጣውን የቱላ ናሙና ብሩክ ተረክቦኛል፤ የት ምን እንዳለ አሳይቼዋለሁ።

የቡድኑን የቴሌግራም ግሩፕ ዛሬ ማታ እለቃለሁ። እዚያ የሚለጠፈው ውጤት የሥራ ነው፤ ከወጣሁ በኋላ ማየት የለብኝም። የግል ቁጥሬ ግን ሁላችሁም ጋር አለ፣ ደውሉልኝ። ይህን ኢሜይል ለግል አድራሻዬም በግልባጭ ልኬዋለሁ። የዩኒቨርሲቲው አድራሻ ስመረቅ ሊዘጋ ስለሚችል እባካችሁ የግሉን ያዙት። ሊንክድኢን ላይ ላላችሁ ጥያቄ ልኬያለሁ።

ሪፖርቴን ለአማካሪዬ ከማስገባቴ በፊት ረቂቁን ለኢንጂነር ሰላማዊት እልካለሁ። በተነጋገርነው መሠረት ጉድጓዶቹ በስም ሳይሆን በኮድ ብቻ ይጠቀሳሉ። የሚመጣው ዓመት የመመረቂያ ሥራዬን በአጥንት ከሰል ፍሎራይድን በማጣራት ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። ወይዘሮ አልማዝ፣ የሙከራ እቅዱን ሳዘጋጅ አንድ ጊዜ እንዲያዩልኝ እጠይቅዎታለሁ፤ ውጤቱንም ጥሩም ይሁን መጥፎ እዚሁ መጥቼ አሳያችኋለሁ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚያስፈልገኝ ጊዜ ከመጣም ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ቀደም ብዬ፣ የምወዳደርበትን ማስታወቂያና ሲቪዬን ይዤ እጠይቃችኋለሁ እንጂ በጥድፊያ አላስቸግራችሁም።

እናንተም አትፍሩኝ። ቀጣዩ ተለማማጅ ሲመጣ ቁጥሬን ስጡት። የኤክሴሉ ቀመር ካስቸገረ፣ ወይም ከዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ የሚፈለግ ጽሑፍ ካለ ላኩልኝ፤ ፈልጌ አመጣለሁ። ግቢው ሩቅ አይደለም፣ በባጃጅ እደርሳለሁ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላብራቶሪ ነኝ። ከቱላ በጊዜ ከተመለሳችሁ ቡና አፍልቼ እጠብቃችኋለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣
ሜሮን
የውሃ አቅርቦትና አካባቢ ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ
ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ